ቁጥሬን ከየት አገኛችሁት? ስለወጣ መረጃና ስላልተፈለገ ማስታወቂያ አቤቱታ ሲቀርብ

የማያውቁት ድርጅት «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ማስታወቂያ ሲልክ ብዙ ሰው ወይ መልዕክቱን ያጠፋል፣ ወይ ደውሎ «ቁጥሬን ከዝርዝራችሁ አውጡልኝ» ይላል። ሁለተኛው ቆራጥ እርምጃ ይመስላል። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ድርጅቱ ስማችሁንና ቁጥራችሁን ከነሙሉ መዝገቡ ሲሰርዝ፣ መረጃው ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደገባና ለማን እንደተላለፈ የሚያሳየው ምልክትም አብሮ ይሄዳል። የዚያ ድርጅት መልዕክት ይቆም ይሆናል፤ ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ግን ፋይሉን እንደያዘ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላ ይሰጠዋል። ስለዚህ አቤቱታው «ከየት አገኛችሁት?» ብሎ ይጀምራል። «ሰርዙ» የሚለው መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ይህን ጥያቄ በመብት የምንጠይቅበት ሕግ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 አጸደቀው፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። አፈጻጸሙን እንዲቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው ባለሥልጣኑን የሚያውቀው ከቴሌኮም ፈቃድ ጋር ስለሆነ የሪል እስቴት፣ የክሊኒክ ወይም የትምህርት ቤት ጉዳይ ወደ እሱ ይሄዳል ብሎ አያስብም። በመረጃ ጥበቃ በኩል ግን ይሄዳል፤ ድርጅቱ የቴሌኮም ሥራ መሥራት የለበትም፣ የሰው መረጃ መያዙ ይበቃል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ህይወት የምንላት ሴት ሜክሲኮ አካባቢ ወደሚገኝ የአንድ አፓርታማ አልሚ የሽያጭ ቢሮ ገባች እንበል። እንግዳ ተቀባይዋ ቅጽ ሞላችላት፤ ስም፣ ስልክ፣ የምትፈልገው ባለ ሁለት መኝታ፣ የቅድሚያ ክፍያ አቅም። የመታወቂያዋም ኮፒ ተወሰደ። ስሟ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ Hiwot መሆን ሲገባው Hiwet ተብሎ ገባ። ህይወት አላረመችውም፣ ማን ያርማል። ቤቱንም ሳትገዛ ቀረች። ከሁለት ወር በኋላ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ከማታውቀው የቤት ዕቃ መሸጫ መልዕክት መጣላት፤ Dear Hiwet ብሎ ይጀምርና ለባለ ሁለት መኝታ የሚሆን ሶፋና አልጋ በቅናሽ አለን ይላል። በዚያው ሳምንት ሌላ አልሚ ደወለ፣ ቀጥሎ ብድር አመቻቻለሁ የሚል ሰው።

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ አንዲቱ የተሳሳተች ፊደል ናት። አንድ የማያውቁት ሰው በስማችሁ መጥራቱ ብቻውን ብዙ አያስረዳም። ስም ከቴሌግራም ይገኛል፣ የደዋይ ስም ከሚያሳዩ መተግበሪያዎች ይገኛል፣ ቁጥር አስገብቶ ገንዘብ ለመላክ ሲሞከርም የባለቤቱ ስም ሊወጣ ይችላል። ድርጅቱ የመጀመሪያ መከላከያው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ «ስምሽ የትም ይገኛል» ይላል። Hiwet የሚለው አጻጻፍ ግን በቴሌግራሟም፣ በባንኳም፣ በመታወቂያዋም የለም። ያለው በአንድ ቅጽ ላይ ነው፣ «ባለ ሁለት መኝታ» የሚለውም እዚያው አጠገቡ ተጽፏል። ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸው ምንጩን በጣም ያጠብበዋል። ከዚህ ተነስተው አንዳንድ ጠንቃቆች ሆን ብለው ለየድርጅቱ ስማቸውን በትንሹ ለየት አድርገው ያስመዘግባሉ፤ የአያት ስም ጨምረው ወይም አንድ ፊደል ደግመው። ውል ወይም ክፍያ ለሌለበት የጉብኝት ቅጽ ምንም ጉዳት የለውም። ለኢሜይልም ተመሳሳይ መንገድ አለ፤ በጂሜይል ከስማችሁ ቀጥሎ የመደመር ምልክትና የድርጅቱን ስም ብትጨምሩ መልዕክቱ ወደዚያው ሳጥን ይገባል፣ በየትኛው አድራሻ እንደተላከም ይታያል።

ማስረጃ ሲሰበሰብ የሚበላሸው በጥቃቅን ነገር ነው። ላኪውን «ሶፋ አጭበርባሪ» ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ከመዘገባችሁት፣ ከዚያ በኋላ የምታነሱት ስክሪንሾት ላይ የሚታየው እናንተ ያወጣችሁለት ስም እንጂ ቁጥሩ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ስክሪንሾት፣ በኋላ ምዝገባ ወይም እገዳ። ምስሉ የላኪውን ቁጥር፣ ሙሉ ጽሑፉንና የደረሰበትን ቀንና ሰዓት ይያዝ፤ በብዙ ስልኮች መልዕክቱን ጫን ብላችሁ ስትይዙት የሚከፈተው የዝርዝር ገጽ ትክክለኛውን ሰዓት ከነደቂቃው ያሳያል። ሌላው የእኛ አገር ጣጣ ቀንና ሰዓት ነው። ስልኩ ጥቅምት 6 ቀን 2018ን ኦክቶበር 16 ቀን 2025 ብሎ ያሳያል፣ ማታ 2፡14ን ደግሞ 20፡14 ይላል። ደብዳቤያችሁ በአንዱ አቆጣጠር፣ ስክሪንሾቱ በሌላው ከሆነ ፋይሉን የሚያየው ባለሙያ ሁለቱን ማገናኘት አለበት፤ እሱ ሲሳሳት የእናንተ አቤቱታ የተምታታ ይመስላል። ሁለቱንም ጎን ለጎን መጻፍ ይሻላል።

መልዕክቱ የመጣበትን ዓይነት መለየትም ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ የሚደረገው ስለሚለያይ። በጥቂት አሃዝ አጭር ቁጥር የሚመጣው በኦፕሬተሩ በኩል ለአንድ አገልግሎት ሰጪ የተመደበ ቁጥር ስለሆነ ከጀርባው ተጠያቂ አለ። እዚያ ላይ STOP ብሎ መላክ በአብዛኛው ይሠራል፤ ካልሠራ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ለሳፋሪኮም በ700 ደውሎ የአጭር ቁጥሩ ባለቤት ማን እንደሆነ መጠየቅና ማስቆም ይቻላል። ልብ በሉ፣ ገንዘብ የሚቆርጥ የምዝገባ አገልግሎት ከሆነ መልዕክቱን ከማስቆም አልፎ ምዝገባው ራሱ እንዲሰረዝ መጠየቅ አለበት፣ ያለበለዚያ ጽሑፉ ቀርቶ ቆረጣው ይቀጥላል። በፊደል ስም የሚመጣ መልዕክት ደግሞ መልስ አይቀበልም፤ ስትመልሱለት አይሄድም። ይህንን የሚልከው ድርጅት ብዙ ጊዜ በመሃል ባለ የጅምላ መልዕክት ላኪ በኩል ስለሆነ የሚያዋጣው በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሰውን ድርጅት መጠየቅ ነው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር ለሚመጣ ግን ምንም አትመልሱ። «አቁም» ማለታችሁ ቁጥሩ የሚሠራ፣ ባለቤቱም መልዕክት የሚያነብ መሆኑን ያረጋግጥለታል፤ እንዲህ የተረጋገጠ ቁጥር ለዝርዝር ነጋዴ ካልተረጋገጠው ይልቅ ዋጋ አለው። የሲም ካርዱን ባለቤት ማንነት ኦፕሬተሩ ያውቃል፣ ለግለሰብ ጠያቂ ግን አይሰጥም። ያ የሚገኘው በሕግ አግባብ ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ሲጠይቅ ነው።

ከመክሰስ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። መልዕክቱ የሚጠራው የሌላ ሰው ስም ከሆነ፣ በተለይ ሲሙን ካወጣችሁ ብዙም ካልቆየ፣ ቁጥሩ ቀድሞ የሌላ ሰው የነበረ ሊሆን ይችላል። አገልግሎት ያቆመ ቁጥር ተመልሶ ይሸጣል። ይህ የመረጃ መውጣት ሳይሆን ያልታደሰ መዝገብ ነው፤ መፍትሔውም «ይህ ቁጥር የእሷ አይደለም፣ አስተካክሉ» የሚል አጭር ጥያቄ ነው።

ወደ ህይወት እንመለስ። ስንት ደብዳቤ ትጻፍ? ሁለት። አንዱ ለቤት ዕቃ መሸጫው፣ አንዱ ለአፓርታማው አልሚ። ብዙ ሰው የሚጽፈው መረጃውን አወጣ ብሎ ለሚጠረጥረው ብቻ ነው፤ የተቀበለው ድርጅት ግን ለመናገር የሚቀለው ነው፣ የሚያጣው ነገር ስለሌለ። መሸጫው «ዝርዝሩን ከእገሌ ወሰድን» ብሎ በጽሑፍ ከመለሰ የአልሚው ክህደት ያበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ለተቀባዩ፣ መልሱ ሲመጣ ወይም ቀኑ ሲያልፍ ለምንጩ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ለዋና ሥራ አስኪያጁ ይጻፍ፣ ድርጅቱ የመረጃ ጥበቃ ኃላፊ እንዳለው ካወቃችሁም ለእሱ ግልባጭ ይሂድ። የመሐል አካሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ ስለ ግል መረጃዬ ማብራሪያ ስለመጠየቅ። በስልክ ቁጥሬ ጥቅምት 6 ቀን 2018 (ኦክቶበር 16 ቀን 2025) ከምሽቱ 2፡14 ከድርጅታችሁ የማስታወቂያ መልዕክት ደርሶኛል፤ ምስሉ ተያይዟል። ከድርጅታችሁ ጋር ከዚህ በፊት ግንኙነት አልነበረኝም። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ስለ እኔ የያዛችሁትን መረጃ በሙሉ፣ መረጃውን ከማን እና መቼ እንዳገኛችሁት፣ ለማን እንዳስተላለፋችሁት፣ ፈቃዴን አግኝተናል የምትሉም ከሆነ ፈቃዱ የተሰጠበትን ሰነድ ቅጂ እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ መረጃዬን ለማስታወቂያ መጠቀም እንድታቆሙ እቃወማለሁ። ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ መልስ እስክትሰጡ ድረስ ግን የያዛችሁትን መዝገብ እንዳትሰርዙ አሳስባለሁ። መልሱን እስከ ኅዳር 10 ቀን 2018 እጠብቃለሁ።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «መጠቀም አቁሙ» እና «አትሰርዙ» ጎን ለጎን መቆማቸውን አስተውሉ። ይጋጫሉ የሚል የድርጅት ሠራተኛ አይጠፋም። አይጋጩም፤ አንዱ አጠቃቀሙን ነው የሚከለክለው፣ ሌላው ማስረጃውን ያስጠብቃል። ቁጡ ቃል፣ «አሳስራችኋለሁ» የሚል ዛቻ፣ ስለ ድርጅቱ አገልግሎት ያላችሁ ሌላ ቅሬታ እዚህ ቦታ የለውም። ደብዳቤውን የሚቀበለው ሰው ለመመለስ የሚቀለውን ክፍል መርጦ ይመልስና ዋናውን ያልፈዋል።

ለአልሚው የሚጻፈው ደብዳቤ ሁለት ተጨማሪ ጥያቄ ይይዛል፦ የደንበኞች መረጃ ከድርጅቱ መውጣቱን ታውቃላችሁ ወይ፣ ካወቃችሁስ ለባለሥልጣኑ መቼ አሳወቃችሁ? አዋጁ የመረጃ ጥሰት መድረሱን ያወቀ ድርጅት በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፣ በባለ መረጃው ላይ ከባድ ጉዳት የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ ለእሱም። ጥያቄውን በቀን ጠቁማችሁ ስታቀርቡ፣ ድርጅቱ ከዚያ በኋላ «አላወቅንም ነበር» ማለት አይችልም። ቢያንስ የእናንተ ደብዳቤ ከገባበት ቀን ጀምሮ አውቋል።

ደብዳቤው በእጅ ሲሰጥ ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ላይ ጸሐፊዋ ወይም መዝገብ ቤቱ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያሳርፉበት፤ ያ ቅጂ የእናንተ ነው። «አለቃዬ የለም፣ ተዉትና ሂዱ» ከተባላችሁ አትተዉት። ቸርችል ጎዳና ላይ ካለው ዋናው ፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ላኩትና ደረሰኙን አስቀምጡ፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ መላኩንም ያረጋግጣል። ኢሜይልም ጨምሩበት፣ በኢሜይል ብቻ ግን አትተማመኑ።

ማንነታችሁን እንድታረጋግጡ መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ የሌላ ሰው መረጃ ለእናንተ ቢሰጡ ያ ራሱ ጥሰት ይሆናል። ግን መረጃ አወጣ ብላችሁ ለምትከሱት ድርጅት ሌላ ሙሉ የመታወቂያ ኮፒ መስጠት የዋህነት ነው። መልዕክቱ ከደረሰበት ስልክ መደወል ወይም ወደዚያ ቁጥር የማረጋገጫ ኮድ እንዲልኩ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኮፒ ግድ ከሆነ የፋይዳ ቁጥሩን ሸፍኑ፣ በወረቀቱ ላይ አግድም «ለዚህ አቤቱታ ብቻ» ብላችሁ ቀን ጻፉበት፣ ፎቶውንና ጽሑፉን እንዲነካ አድርጋችሁ።

መልሱ ሲመጣ ከሦስት አንዱን ይመስላል። የመጀመሪያው «ቅጹ ላይ ፈርመሻል» ነው። የቅጹን ቅጂ ጠይቁ። ለቤት ጉብኝት የተሞላ ቅጽ ግርጌ ላይ «መረጃዬን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ይቻላል» የሚል ጥቅል መስመር ለሶፋ ሻጭ መስጠትን አይሸፍንም፤ ፈቃድ ለታወቀ ዓላማ የሚሰጥ ነው፣ መኖሩን የማስረዳት ሸክም በድርጅቱ ላይ ነው፣ የሰጠ ሰውም መልሶ ማንሳት ይችላል። ሁለተኛው «እኛ ሳንሆን የኮሚሽን ሠራተኞች ናቸው» የሚለው ነው። በአዲስ አበባ የቤት ገበያ ይህ በጣም የተለመደ መንገድ ነው፤ የጉብኝት ዝርዝሩ በኤክሴል ተሠርቶ በኮሚሽን ለሚሠሩ ሻጮች በቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቃል፣ ከዚያ ወዲያ ማን እንዳወረደው የሚያውቅ የለም፣ ሥራ የለቀቀውም ሻጭ ፋይሉን ይዞ ይሄዳል። ይህ መልስ ድርጅቱን የሚያድነው ይመስለዋል እንጂ የሚያጋልጠው ነው። መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብ የወሰነው አልሚው ነው፤ በእሱ ስም የሚሠሩለት ሰዎች በያዙት ነገር ተጠያቂው እሱ ነው፣ ማን እንዲያየው እንደፈቀደና በምን እንደጠበቀው ማስረዳት አለበት። ይህን መልስ በጽሑፍ ያገኘ ሰው ዋናውን ማስረጃ አገኘ ማለት ነው። ሦስተኛው ዝምታ ነው፤ ማህተም ያረፈበት ቅጂ የሚያገለግለው እዚያ ጊዜ ነው።

ቀኑ ካለፈ ወይም መልሱ ካላረካ አቤቱታው ወደ ባለሥልጣኑ ይሄዳል። የጻፋችሁት ደብዳቤ፣ የገቢ ምልክቱ፣ ስክሪንሾቶቹ፣ መልስ ካለ መልሱ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የአንድ ገጽ የቀን ቅደም ተከተል። ምን እንዲደረግላችሁ እንደምትፈልጉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ «ምንጩ ይጣራልኝ፣ መረጃዬ የተላለፈላቸው ሁሉ ይታወቁልኝ» የሚል አቤቱታ «ፍትሕ እፈልጋለሁ» ከሚለው ይልቅ ለሚመረምረው ሰው የሚሠራ ነገር ይሰጠዋል። ዘመድ ወይም ጓደኛ ቁጥራችሁን ለሰው ሰጥቶ የመጣ ጣጣ ከሆነ ግን በዚህ መንገድ አይሄድም፤ አዋጁ የሰዎችን የግልና የቤተሰብ ግንኙነት አይገዛም።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15ም ያለ ተቀባዩ ፈቃድ በኢሜይልና በመሰል መንገድ ማስታወቂያ ማሰራጨትን ወንጀል አድርጎታል። ነገር ግን ላኪው ማንነቱንና አድራሻውን በትክክል ከገለጸና ተቀባዩ በቀላሉ የሚወጣበትን መንገድ ካስቀመጠ እዚያው አንቀጽ ላይ ማምለጫ አለው። ስለዚህ ይህ መንገድ የሚጠቅመው ማንነቱን በሚደብቅ፣ መውጫ በማይሰጥ ላኪ ላይ ነው።

ካሳስ? ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል። የሚቀርበው ክስ ግን ጉዳት በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መሆን አለበት፣ የኅሊና ጉዳት ካሳ ደግሞ በዚያው ሕግ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በመልዕክት ብዛት መማረር ብቻውን ወደ ፍርድ ቤት ቢወሰድ ድካሙን አይመልስም። በወጣው የመታወቂያ ኮፒ በስማችሁ ሲም ወጥቶ ወይም ብድር ተወስዶ ገንዘብ ከጠፋ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የባንክ መግለጫውንና የፖሊስ ማመልከቻውን ከመጀመሪያው ቀን መያዝ ይገባል። የገንዘብ መረጃ መውጣቱን እንደጠረጠራችሁ ባንኩን ማሳወቅና የምስጢር ቁጥር መቀየር ማንኛውንም ደብዳቤ አይጠብቅም።

ምንጩ ከታወቀና መልሱ በእጃችሁ ከገባ በኋላ የመሰረዝ ጥያቄው ይቀርባል። እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። የቤት ዕቃ መሸጫው የህይወትን ቁጥር ሙሉ በሙሉ ቢደመስሰው፣ ነገ ያው ኤክሴል ከሌላ እጅ ሲገዛና ወደ ላኪ ሲስተሙ ሲጫን ቁጥሩ እንደ አዲስ ይገባል፤ የተሰረዘ መሆኑን የሚያስታውሰው ነገር የለምና። ስለዚህ የሚጠየቀው ስም፣ የመኖሪያ ምርጫ፣ የክፍያ አቅምና የመታወቂያ ኮፒ እንዲሰረዝ፣ ስልክ ቁጥሩ ብቻ ግን «አይላክለትም» በሚል ዝርዝር ውስጥ እንዲቀመጥና አዲስ ፋይል በተጫነ ቁጥር ከዚያ ጋር እንዲመሳከር ነው። አልሚው በበኩሉ ውልና ደረሰኝ ቢኖር ኖሮ ለግብርና ለሂሳብ ሕግ ሲባል የሚያቆየው ሰነድ ይኖር ነበር፤ ህይወት ግን የሞላችው የጉብኝት ቅጽ ብቻ ስለሆነ የሚያቆይበት ምክንያት የለውም፣ በቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ያለው ፋይልም ከዚያው ጥያቄ ጋር በስሙ ተጠቅሶ እንዲወርድ ይጠየቃል።